ድንገተኛ ክፍል ሲጨናነቅ የትሪያጅ ፍሎ ቻርቱ ምን ይበል? ጥያቄና መልስ

መላሿ ደሴ ውስጥ በድንገተኛ ክፍል የምትሠራ ሲስተር ናት። ትሪያጅ ማለት ብዙ ሰው በአንዴ ሲመጣ ማን ቀድሞ ይታከም ብሎ በቀለም መለየት ነው፦ ቀይ ወዲያው የሚታከም፣ ቢጫ መቆየት የሚችል፣ አረንጓዴ ቀላል ጉዳት ያለው፣ ጥቁር የሞተ ወይም ሊተርፍ የማይችል።

ኢንተርን፣ ደሴ፦ ሲስተር፣ የእኛ ቻርት የመጀመሪያው ሳጥን «በጠና ተጎድቷል?» ይላል። ይህ ምን ችግር አለው?

ሲስተር፦ ሁለት ነርሶች አንድ ሰው ላይ ቆመው አንዷ አዎ፣ ሌላዋ አይደለም ይላሉ። ችግሩ ይሄ ነው። ሳጥን ውስጥ የሚታይ ወይም የሚቆጠር ነገር ብቻ ይግባ። መጀመሪያ የሚመጣው መራመዱ ነው። እሱንም እንደ ጥሪ ጻፉት፦ «መራመድ የምትችሉ ወደ አረንጓዴው ምልክት ሂዱ!» የሄዱት ለጊዜው አረንጓዴ ናቸው። «ለጊዜው» የሚለውም ይጻፍ፤ ውስጡ የሚደማ ሰውም ተራምዶ ይሄዳልና ተመልሳችሁ እዩት። እኛ ጋ ደግሞ ዘመድ በብብቱ ይዞ ያስኬዳል። «ሳይደገፍ» የምትለዋን ጨምሩ።

ነርስ፣ ኮምቦልቻ፦ «ትንፋሽ በደቂቃ ከ30 በላይ ከሆነ ቀይ» ብለን ጽፈናል። አይበቃም?

ሲስተር፦ በዚያ ግርግር ሙሉ ደቂቃ የሚቆጥር የለም። 15 ሰከንድ ቆጥሮ በ4 ሊያባዛ ሲል ደግሞ ይምታታበታል። ስሌቱን እናንተ ጨርሱለት፦ «15 ሰከንድ ቁጠር። 8 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ቀይ። እዚህ አቁም።» 7 ቢሆን 28 ነው፣ ወደሚቀጥለው ሳጥን ያልፋል። «እዚህ አቁም» የሚለውን አትተዉት። ቀይ የተሰጠው ሰው ላይ ትርታ ሲፈልጉ ቆመው፣ አጠገቡ ያለው ትንፋሹ ሊቆም ይችላል።

ጭራሽ የማይተነፍስ ከሆነ፦ «የአየር መንገዱን ክፈት። ከተነፈሰ ቀይ። ካልተነፈሰ ጥቁር።» ይህ ለአዋቂ ነው።

ኢንተርን፦ ቀጥሎ የጥፍር ቀለም መመለስ ነው አይደል? ተጭነን ስንለቅ ከ2 ሰከንድ በላይ ከቆየ ቀይ።

ሲስተር፦ የድሮው እንደዚያ ይላል፣ ልክ ነህ። ግን ደሴ ከ2,400 ሜትር በላይ ነው። በብርድ ሌሊት በጭነት መኪና ላይ የመጣ ሰው ደሙ ምንም ሳይጎድል ጣቱ ነጭ ይሆናል። በጨለማም ቀለም አይታይም። ኋላ ላይ በእጅ አንጓ ትርታ የተተካው በዚህ ምክንያት ነው። «የእጅ አንጓ ትርታ አለ? ከሌለ ቀይ።» የሚፈስ ደም ካለ እዚያው ይታሰር፣ ከዚያ ይቀጠል።

ነርስ፣ ኮምቦልቻ፦ እዚህ ከደሴ ይሞቃል፣ ቀለሙ ያገለግለናል።

ኢንተርን፦ ሁለት ዓይነት ቻርት ይኑር ማለት ነው? የእናንተ በሽተኛ ሪፈር ተብሎ እኛ ጋ ነው የሚመጣው!

ሲስተር፦ ሁለት ዓይነት አይኑር። ትርታው ለሁለታችሁም ይሠራል።

ጤና መኮንን፦ ለምን በነጥብ አንሠራም? ግፊት፣ ሙቀት፣ ሁሉም ተለክቶ ይደመራል።

ሲስተር፦ በአዘቦት ቀን እሱ ይሻላል። ሰው በአንዴ ሲጎርፍ ግን የግፊት መለኪያው አንድ ነው። መጀመሪያ በዓይንና በጣት ለዩ፣ ቀይ ክፍል ሲገቡ ነጥቡን ሥሩ።

ነርስ፣ ኮምቦልቻ፦ የመጨረሻው ሳጥናችን «ንቃተ ህሊናው ትክክል ነው?» ይላል።

ሲስተር፦ የሚታይ ወይም የሚቆጠር ብያለሁ እኮ! «ጣቴን ጨብጥ በለው» ብላችሁ ጻፉ። ግን እዚህ ላይ ቆም በሉ፤ ወሎ ውስጥ ነው ያለነው። አንድ ሚኒባስ ተገለበጠ እንበል። አንድ ሰውዬ እግሩ ተሰብሯል፣ አይራመድም። ትንፋሹ በ15 ሰከንድ 5። የእጅ አንጓ ትርታ አለው። «ጣቴን ጨብጥ» ስትሉት ዝም ይላል። ቻርቱ ቀይ ያደርገዋል። ሰውዬው ግን ከባቲ የመጣ ኦሮምኛ ተናጋሪ ነው፣ ያላችሁት አልገባውም። ነቅቷል፣ ቢጫ ነው። በቋንቋ ምክንያት አንድ የቀይ አልጋ ሄደ። አፋርኛ ብቻ የሚያውቅም፣ መስማት የተሳነውም እንዲሁ። ስለዚህ ሳጥኑ እንዲህ ይበል፦ «እጅህን ጨብጠህ አሳየው፣ ጣትህን ስጠው። ከጨበጠ ቢጫ። ካልጨበጠ ቀይ።»

የአምቡላንስ ሹፌር፦ እኔ ከሐረጎ ቁልቁለት እየጮኸ ያመጣሁትን ልጅ አቆይተው ዝም ያለውን ቀድመው አስገቡ። ይህ ፍትሕ ነው?

ሲስተር፦ ጋሼ፣ የሚጮህ ሰው ቢያንስ ይተነፍሳል። ዝም ያለው ነው የሚያስፈራው። በእርስዎ ልጅ ላይ የሆነውን ሳላይ ግን አልፈርድም።

ሌላ ተሳታፊ፦ ባጭሩ ጥሩ ፍሎ ቻርት ላኪልን።

ሲስተር፦ ከላይ ያለውን አንብብ።

ተማሪ፣ ደሴ፦ ለሕፃናትም ይሄው ነው?

ሲስተር፦ አይደለም። የሕፃን ትንፋሽ ቁጥሩ ሌላ ነው፣ ካልተነፈሰም ትርታው ታይቶ አየር ይሰጠዋል፣ ወዲያው ጥቁር አይባልም። ለብቻው ወረቀት ይውጣለት።

ጤና መኮንን፦ ጥቁር ካርድ በዘመዱ ፊት አንገቱ ላይ ማንጠልጠል ግን ይከብዳል። እኛ ሰማያዊ እናድርገው ተባብለናል።

ኢንተርን፦ ቀለሙ ከተቀየረ ከሌላ ሆስፒታል የመጣው ሐኪም በምን ያውቃል?

ሲስተር፦ ሁለታችሁም እውነት አላችሁ። እኔ ጥቁሩን አልቀይርም፤ የጥቁሩን ቦታ ግን ከበሩ አርቄ በመጋረጃ እከልላለሁ። ከዘመድ ጋር የሚቆም አንድ ሰውም እመድባለሁ። ሰው ካነሰ ማን ይመደብ ለሚለው እኛም ጋ ገና አልተስማማንም።