ለጀማሪ ፋርማሲስቶች፦ ከዶዙ በፊት ኪሎውን

ውድ ልጆቼ፣

ነጭ ጋዋን ለብሳችሁ በቅርቡ ከመድኃኒት ማደያው መስኮት ጀርባ ለምትቆሙት ነው የምጽፈው። የማወራችሁ ስለ አንድ ስህተት ብቻ ነው፦ የሕፃን መድኃኒት በአሥር እጥፍ ሲታዘዝ።

ይህ ማዘዣ መጣላችሁ እንበል። ሕፃኑ የሰባት ወር ነው፤ ልቡ ላይ ክፍተት አለበት፣ ልቡም ደክሟል። ማዘዣው «ዲጎክሲን 0.3 ሚሊግራም፣ በቀን ሁለት ጊዜ» ይላል። ጽሕፈቱ ጥርት ያለ ነው፣ ፊርማና ማኅተም አለው፣ ኪሎ ግን አልተጻፈበትም። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ እንዲህ ያለው ነው። የማይነበብ ማዘዣ ሲመጣ ሁላችንም እንጠይቃለን፤ በደንብ የሚነበበውን ግን አምነን እናልፋለን። 0.03 ለመጻፍ ታስቦ አንዲት ዜሮ ብትቀር፣ የተረፈው ቁጥር ምንም የጎደለው አይመስልም።

መጀመሪያ ኪሎውን ጠይቁ። እናቱ የነገረቻችሁ የቆየ ከሆነ ሕፃኑን እንደገና መዝኑት። ስድስት ኪሎ ሆነ እንበል። አሁን የታዘዘውን ቁጥር በእጃችሁ ሸፍኑና ራሳችሁ አስሉ። ቁጥሩን እያያችሁ ካሰላችሁ እጃችሁ ወደዚያው መልስ ይጎተታል። በዚህ ዕድሜ የዲጎክሲን የዘወትር መጠን በቀን ለአንድ ኪሎ ወደ 10 ማይክሮግራም ነው፤ ለሁለት ሲከፈል በአንድ ጊዜ 5 ይሆናል። 5 በ6 ሲባዛ 30 ማይክሮግራም፣ ማለትም 0.03 ሚሊግራም። እጃችሁን አንሱ፤ ወረቀቱ ላይ ያለው 0.3 ነው።

ስሌቱን ባልደረባችሁም ይሥራው፤ መልሳችሁን ግን አስቀድማችሁ አትንገሩት።

ለአዋቂ የምናድለው የዲጎክሲን እንክብል 0.25 ሚሊግራም ነው። ስለዚህ ይህ ሕፃን በአንድ ጊዜ ከአዋቂ እንክብል የሚበልጥ ሊወስድ ነው። ሽሮፑም ይናገራል። አንድ ሚሊ ሊትሩ 0.05 ሚሊግራም ከያዘ፣ ትክክለኛው መጠን 0.6 ሚሊ ሊትር ሲሆን የታዘዘው 6 ሚሊ ሊትር ነው። ባለ 60 ሚሊ ሊትሩ ጠርሙስ ሃምሳ ቀን መቆየት ሲገባው በአምስት ቀን ያልቃል። የሕፃን የልብ መድኃኒት በሳምንት ውስጥ ጠርሙስ የሚጨርስ ከሆነ እጃችሁን ሰብስቡ።

አንድ ወጥመድ ግን አለ። ዲጎክሲን ሲጀመር በመጀመሪያው ቀን ከፍ ያለ መጠን ሊሰጥ ይችላል፤ በዚህ ዕድሜ በ24 ሰዓት ውስጥ ለኪሎ ወደ 45 ማይክሮግራም፣ ለሦስት ተከፍሎ። ለስድስት ኪሎ ሲሰላ 0.27 ሚሊግራም ነው፣ ለ0.3 ቅርብ። «እንግዲህ የመጀመሪያው ቀን መጠን ይሆናል» ብሎ ለማለፍ ይመቻል። ያ ግን የሙሉ ቀን ድምር ነው፤ ማዘዣው ይህንኑ በአንድ ጊዜ፣ ደግሞም በየቀኑ ሁለቴ ስጡ እያለ ነው። ሰበብ ፈልጋችሁ ቁጥሩን አታስታርቁት፤ ጠይቁ።

ስትደውሉም «ዶክተር፣ ይህ ልክ ነው?» አትበሉ። ሥራ የበዛበት ሰው «አዎ» ብሎ ይዘጋዋል። «ዶክተር፣ ሕፃኑን መዝነነው ስድስት ኪሎ ነው። እኔ ሳሰላው በአንድ ጊዜ 0.03 መጣልኝ፤ ማዘዣው ላይ 0.3 ነው ያለው። የትኛውን አስበው ነበር?» በሉ። መልሱ እስኪመጣ መድኃኒቱ ከመደርደሪያው አይወርድም። ማዘዣውንም በራሳችሁ እስክሪብቶ አታርሙት፤ ያዘዘው ሐኪም አስተካክሎ ይፈርምበት።

ከአዋቂ መጠን ጋር ማወዳደር ሁልጊዜ እንደማያድን ደግሞ ልብ በሉ። ለአሥር ኪሎ ሕፃን በደም ሥር የሚሰጥ ሞርፊን ለኪሎ 0.1 ሚሊግራም ቢታሰብ 1 ሚሊግራም ነው። አሥር እጥፉ 10 ሚሊግራም ሲሆን፣ ይኸውም ብዙ ጊዜ በእጃችን የሚገባው የአንድ አምፑል ይዘት ነው። ዓይናችሁ የለመደው መጠን ስለሆነ ምንም አይጎረብጠውም። እዚህ ላይ ስህተቱን የሚያወጣው በኪሎ ማስላት ብቻ ነው።

የዲጎክሲኑ ማዘዣ ተስተካክሎ ሲመለስ፣ መለያው ላይ ማይክሮግራሙንም ሚሊ ሊትሩንም ጻፉ። ለእናቱ የአንድ ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ ስጧት፤ የሻይ ማንኪያ 0.6 አይለካም። እፊታችሁ በውኃ 0.6 ትቅዳ፤ የምትቆምበትን መስመር እዩላት። ሕፃኑ ቢያስመልሰው፣ ጡት እምቢ ቢል ወይም ቢደክም ቀጣዩን ሳትሰጠው ወደ ሐኪም ቤት እንድትመጣ ንገሯት። ዲጎክሲን ሲበዛ ከሚታዩት ምልክቶች መካከል እነዚህ ይገኙበታል፤ «ሆዱን ብርድ መቶት ነው» ተብሎም በቀላሉ ይታለፋሉ።