ማቆያው አንዴ ብቻ ሲያስተኛ

«ልጄ 10 ወሯ ነው። ማቆያው ሁሉንም ሕፃናት 6 ሰዓት ተኩል ላይ አንዴ ብቻ ነው የሚያስተኛው። ቤት ስትመጣ ለቅሶ ብቻ ነው። ምን ላድርግ?»

እህቴ፣ በዚህ ዕድሜ አብዛኞቹ ሕፃናት ነቅተው የሚቆዩት ከ3 እስከ 4 ሰዓት ነው። ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ከተነሳች እስከ 6 ሰዓት ተኩል መጠበቅ ለእሷ በጣም ከባድ ነው።

ፕሮግራማቸውን እንዲቀይሩ አትጠይቂ፤ እሺ አይሉሽም። ይልቅ 3 ሰዓት ተኩል ገደማ ጸጥ ያለ ቦታ፣ አልጋዋ ላይ፣ ለ30 ደቂቃ ብቻ እንዲያስተኟት ለምኚያቸው። ሞግዚቷ አሳዝናት አንድ ሰዓት ካስተኛቻት ግን 6 ሰዓት ተኩል ላይ እንቅልፍ እምቢ ትላለች። ስለዚህ «4 ሰዓት ላይ ቀስቅሱልኝ» ብለሽ በግልጽ ንገሪያቸው። ስትወስጃትም ከቀኑ እንቅልፏ ስንት ሰዓት እንደነቃች ጠይቂ። የማታውን የምትወስኚው በዚያ ነው።

ጠዋት ካልተኛች፣ ማታ ከለመደችው ሰዓት ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ቀድመሽ አስተኚያት። መኪና ውስጥ ወዲያው እንቅልፍ ከወሰዳት፣ ወይም ሌሊት እየነቃች ካለቀሰች፣ ቀን በደንብ አልተኛችም ማለት ሊሆን ይችላል። ቤት በምትውልበት ቀን ሁለቴ ትተኛ፤ የማቆያውን ልማድ አያበላሽባትም።