ቆርጦ ለጥፎ ለሞዴል መስጠት፦ ኤልሳን ጠይቁ

ኤልሳ፦ ሃዋሳ ነው ያለሁት፣ ሥራዬ ፖስተርና ባነር ነው። ኮላጁን ወደ አንድ ሥዕል ለማዋሐድ የምጠቀመው SDXL የሚባለውን ምስል ሠሪ AI ሞዴል ነው፤ ሌላ ሞዴል ያላችሁ የምነግራችሁ ቁጥር ትንሽ ይለይባችኋል። «አላማረልኝም» ብቻ ብላችሁ እንዳትጽፉ። ኮላጁንም ውጤቱንም አብራችሁ ላኩ።

ቤቲ፦ ለአሞራ ገደል አሳ ቤት ፖስተር ነው። ሐይቁን፣ ጀልባውንና የአሳውን ሳህን ቆርጬ ለጠፍኩና ከሥዕል ሌላ ሥዕል የሚሠራው img2img ውስጥ አስገባሁት። ጀልባው ቦታውን ለቀቀ፣ ሳህኑ ሁለት ሆነ። Denoising strength የሚለውን ቁጥር አልነካሁም፣ 0.75 ነው።

ኤልሳ፦ እሱ ነው ችግሩ። 0.75 ከፕሮግራሙ ጋር የመጣ ነው እንጂ ለኮላጅ የታሰበ አይደለም። Denoising strength ማለት ሥዕልሽ ላይ ምን ያህል ኖይዝ እንደሚረጭበት ነው። ኖይዙ ቀድሞ የሚውጠው ጥቃቅኑን ነው፤ የመቀሱን ጠርዝ፣ የውሃውን ሞገድ፣ የእንጨቱን ስንጥቅ። ትልልቁ ነገር፣ የቱ ጋ ጨለማ የቱ ጋ ብርሃን እንደሆነ፣ ቶሎ አይጠፋም። 0.75 ላይ ግን እሱም መሄድ ይጀምራል፣ ሞዴሉም የራሱን ይፈጥራል። 0.45 ላይ ጀምሪና ሲዱን፣ ማለትም የኖይዙን መነሻ ቁጥር፣ ሳትቀይሪ 0.05 እየጨመርሽ ውጪ። የመቀሱ መስመር አሁንም ከታየሽ ቁጥሩ አንሷል። ያልለጠፍሽው ነገር ከመጣ በዝቷል።

ቤቲ፦ 0.5 ላይ ጠርዙ ጠፋ፣ ጀልባውም ተስተካከለ። ሳህኑ ግን አሁንም የተለጠፈ ይመስላል። 0.6 ላድርገው?

ኤልሳ፦ አታድርጊው! ሁሉም ሰው እዚህ ጋ ሲደርስ ቁጥሩን ይጨምራል። ያንቺ ችግር ጠርዝ አይደለም፣ ብርሃን ነው። ፎቶሽን አየሁት። ሐይቁ ከከተማው ዳርቻ ወደ ማታ የተነሳ ነው፤ ሐይቁ በምዕራብ ስለሆነ ፀሐይዋ ከፊት ለፊትሽ ናት። ጀልባውም ከኋላው በርቶ ወደኛ ያለው ጎኑ ጠቁሯል። የአሳው ሳህን ግን ቤት ውስጥ በስልክ ፍላሽ የተነሳ ነው። ወደኛ ያለው ጎኑ ቦግ ብሏል፣ ጥላው ደግሞ ከኋላው ወድቋል። አንዱ ፖስተር ላይ ሁለት ፀሐይ አለ ማለት ነው። ትልልቁ ብርሃንና ጨለማ አይጠፋም ያልኩሽ ለዚህ ነው፤ ሞዴሉ ስፌቱን ይሰፋል እንጂ በ0.5 ፀሐይሽን አያዞርም።

ስለዚህ ወደ ኮላጁ ተመለሽ። አዲስ ሌየር በMultiply ክፈቺና በሳህኑ ወደኛ ባለው ጎን ላይ ሰማያዊ የቀላቀለ ቡናማ በትልቅ ብሩሽ አስኪጂ። የድሮውን ጥላ አጥፊው፤ አዲሱን ከሳህኑ ሥር አስነስተሽ ወደ ተመልካቹ ዘርጊው። በወዲያኛው የሳህኑ ከንፈር ላይ ቀጭን ብርቱካናማ መስመር አድርጊ፣ ፀሐይዋ የምትነካው እሱን ነውና። ቆንጆ እንዲሆን አትድከሚ፣ በጣትሽ የቀባሽው ቢመስልም ግድ የለም። ብቻ ቀለሙ ልሙጥ አይሁን፤ ልሙጥ ቀለም ከሰጠሽው ልሙጥ ፕላስቲክ ይመልስልሻል። የቀባሽው ላይ ትንሽ የኖይዝ ፊልተር ጣይበት። ከዚያ ያው 0.5 ይበቃሻል።

ሮቤል፦ ይሄ ሁሉ ድካም ለምን? የሥዕሉን ቅርጽ የሚያስይዘውን ኮንትሮልኔት በካኒ አብሩና 0.9 ስጡት፣ ምንም ነገር ቦታውን አይለቅም።

ኤልሳ፦ ቅርጹን መያዙ እውነት ነው። ግን ካኒ ጠርዝ ያየበትን ሁሉ ይይዛል፤ የመቀስህን መስመርም የአሳው ጠርዝ መስሎት ይጠብቅልሃል። ልታጠፋው የፈለግከውን ስፌት አጸናኸው ማለት ነው። 0.9 ላይ ደግሞ ከኮላጁ ቀለም ብዙ አይተርፍህም። ካስፈለገ ከጠርዝ ይልቅ ርቀትን የሚያየው ዴፕዝ ይሻላል።

ሮቤል፦ እኔ የካኒውን ሥዕል አውጥቼ የስፌቱን መስመር በጥቁር ብሩሽ እሰርዘዋለሁ። ሁሌም ሠርቶልኛል።

ኤልሳ፦ እንደዛ ከሆነ ይሠራል። ብርሃኑን ከመቀባት ድካሙ ያንሳል ብዬ ግን አላምንም።

ጋሽ ታደሰ፦ ልጄ፣ የልጄን የሠርግ ፎቶዎች አንድ ላይ የሚደረድርልኝ የስልክ ኮላጅ የቱ ነው የሚሻለው?

ኤልሳ፦ ጋሼ፣ የርስዎ ሌላ ነው። ስልክዎ ላይ ያለው የፎቶ ማስተካከያ ራሱ ይደረድርልዎታል።

ሳሚ፦ ቤቲ፣ ጥግ ላይ አባ ኮዳ ጨምሪበት። አሞራ ገደል ያለ አባ ኮዳ አይሆንም።

ቤቲ፦ አሳ ሊበላ የመጣ ሰው ፖስተር ላይ ጥንብ አንሺ?

ሳሚ፦ ሰው እኮ አሳውን እየበላ ነው ፎቶ የሚያነሳቸው!

ሮቤል፦ ባለቤቱ አይፈቅድም፣ በሉ ተዉት።

ኤልሳ፦ ወፏን ካስገባችሁ ትልቅ አድርጓት። ሞዴሉ የሚሠራው ሥዕሉን በየጎኑ 8 ጊዜ አሳንሶ ነው። ራሷ 40 ፒክስል ከሆነ እሱ ዘንድ 5 ነጥብ ነው፣ ከ5 ነጥብ ምንቃር አይወጣም። ሩቅ ያለች ካደረጋችኋት ግን፣ መጨረሻ ላይ ለብቻዋ፣ የመረጣችሁትን ቦታ ብቻ ዳግም በሚሠራው Inpaint ውስጥ Only masked መርጣችሁ ሥሯት፤ ያን ቦታ አጉልቶ ይሠራዋል።

ዳዊት፦ የኔ ፊቱ ይበላሻል።

ኤልሳ፦ የማን ፊት? ምን ያህል ትልቅ? ምስሉስ የታለ? ትንሽ ፊት ከሆነ አሁን ስለ ወፏ የጻፍኩትን አንብብ።

ትዕግስት፦ እኔ የሥዕል አስተማሪ ነኝ። ተማሪዎቼ እውነተኛ መቀስና ሙጫ ይዘው ከመጽሔት ቆርጠው ነው የሚለጥፉት። በስልክ አንስቼ ስሰጠው በየቁራጩ ዙሪያ አረፋ ወይም ጭጋግ ያበቅላል።

ኤልሳ፦ ይሄን ጥያቄ ወደድኩት። የመጽሔት ወረቀት ሲቆረጥ ጠርዙ ነጭ ነው። ሞዴሉ ነጭ ክር ሲያይ ትርጉም ይፈልግለታል፤ ውሃ አጠገብ ከሆነ አረፋ፣ ሰማይ ላይ ከሆነ ደመና ያደርገዋል። ልጆቹ ነጩን ጠርዝ ከጀርባው ቀለም ጋር በሚቀራረብ ማርከር ይቀቡት። ሁለተኛው ጣጣ የወረቀቱ ውፍረት ነው። ከጎን ብርሃን ካለ እያንዳንዱ ቁራጭ ቀጭን ጥላ ይጥላል፣ ያንንም እንደ እውነተኛ ጥላ ይወስደዋል። በረንዳ ጥላ ሥር አስተኝተሽ፣ መስታወት ሳትጫኚበት፣ በቀጥታ ከላይ አንሺው። ቁራጮቹ ከተለያየ መጽሔት ስለሆኑ ብርሃናቸው አይገጥምም። እሱን አሁንም በእጅ ነው፣ በፓስቴል ቢሆንም ይሆናል።

ቤቲ፦ ብርሃኑን ቀባሁት፣ ሳህኑ ተቀመጠልኝ! ግን ቆሮሶው ሳልሞን መሰለ። ባለቤቱ «ይሄ የኔ አሳ አይደለም» አለኝ።

ኤልሳ፦ ልክ ነው ሰውዬው፣ የሚሸጠውን ነው ማሳየት ያለበት። ያ ብርሃኑን የቀባሽበትን አሳ ከኮላጁ አውጪና በውጤቱ ላይ፣ በዚያው ቦታ መልሰሽ ለጥፊው። ከዚያ Inpaint ውስጥ የአሳውን መሃል ሳትነኪ ዙሪያውን ብቻ እንደ ቀለበት ማስክ አድርጊ፤ ግማሹ ሳህን ላይ፣ ግማሹ የአሳው ጠርዝ ላይ ይረፍ። Mask blur ከ4 ወደ 12 አካባቢ፣ Denoising strength 0.35። Masked content ደግሞ original ላይ ይሁን፣ አለበለዚያ ቀለበቱን ከባዶ ነው የሚሞላው። አሳው የራሱ ሆኖ ይቀራል፣ ስፌቱ ብቻ ይሄዳል።

ሄኖክ፦ ሰላም፣ ለኮላጅ ቁጥሩ ስንት ይሁን?

ኤልሳ፦ ሄኖክ፣ ከላይ ጀምረህ አንብብ።

ሄኖክ፦ እሺ 0.5። የኔ ግን አሁንም የተለጠፈ ይመስላል፣ 0.65 ብለውስ?

ኤልሳ፦ አሁንም ወደ ቁጥሩ! ፀሐይዋ በየት በኩል ናት? መጀመሪያ እሱን ንገረኝ።

ቤቲ፦ የመጨረሻ። የአሳ ቤቱን ስም በአማርኛ ኮላጁ ላይ ጽፌ ነበር፣ ፊደሉ ተበላሸ።

ኤልሳ፦ ጽሑፍ ከሁሉም በኋላ ነው፣ በፎቶሾፕ ወይም በካንቫ። ቦታውን ብቻ ባዶ ሰማይ አድርገሽ ተይለት።

ሳሚ፦ አባ ኮዳዋን እዛ ባዶ ሰማይ ላይ...

ቤቲ፦ ሳሚ!