1.250 ስንት ነው? ኮማና ነጥብ የተምታታባቸው የስካን ሂሳቦች

ጥያቄ፦ የመለዋወጫ አስመጪ ድርጅት ሂሳብ ክፍል ነው የምሠራው። ከጀርመንና ከኩዌት የሚመጡ ኢንቮይሶችን ስካን አድርገን በኦሲአር ወደ CSV እንቀይራለን፣ ከዚያ በኤክሴል እንከፍታለን። የጀርመኑ 1.250 ዩሮ 1.25 ሆኖ ይመጣል፤ አንዳንዱ ደግሞ ጭራሽ ድምር ውስጥ አይገባም። ኮማውን ሁሉ በነጥብ ብተካው ባሰበት። ምን ላድርግ?

መልስ፦ በመጀመሪያ ኤክሴል በራሱ እንዳይገምት ይከልክሉት። የኮምፒውተርዎ የአገር ምርጫ የአሜሪካ ወይም የእንግሊዝ ከሆነ ነጥብን የሳንቲም መለያ፣ ኮማን የሺ መለያ አድርጎ ያነባል። ስለዚህ 1.250 አንድ ከሩብ ይሆናል። 1.250,00 ግን በዚህ ሥርዓት ቁጥር ስላልሆነ ጽሑፍ ሆኖ ይቀራል፤ SUM ደግሞ ጽሑፍን ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ ይዘለዋል። እንዲህ ያሉትን ሴሎች ወደ ግራ ተጠግተው ያገኟቸዋል። የመጀመሪያው ጥፋት ይብሳል፤ መጨረሻ ላይ የነበረችው ዜሮ ስለጠፋች ሴሉን ብቻ አይቶ 1.25 ይሁን 1.250 መለየት አይቻልም።

ስለዚህ ፋይሉን በደብል ክሊክ አይክፈቱት። በ Data በኩል From Text/CSV ይግቡና በሚመጣው መስኮት Data Type Detection ላይ Do not detect data types የሚለውን ይምረጡ። ሁሉም ነገር እንደተነበበው ጽሑፍ ሆኖ ይገባል። ኦሲአሩ ዓምዶችን በኮማ የሚለይ ከሆነና ቁጥሮቹን በትምህርተ ጥቅስ ካላጠረ 104,17 ለሁለት ዓምድ ይከፈላል፤ በዚያ ጊዜ ከኦሲአሩ ሲያወጡ መለያውን ታብ ያድርጉት።

ኮማን በሙሉ በነጥብ መተካት ያልሠራው የአጻጻፍ ሥርዓቱ የሰነዱ እንጂ የእያንዳንዱ ቁጥር ስላልሆነ ነው። 1.250 የሚለው ጽሑፍ በጀርመን ኢንቮይስ ላይ አንድ ሺህ ሁለት መቶ ሃምሳ ዩሮ ነው። በኩዌት ኢንቮይስ ላይ አንድ ዲናር ከ250 ፊልስ ነው፤ ዲናሩ በ1000 ፊልስ ስለሚከፈል ከነጥቡ በኋላ ሦስት አሃዝ ይጻፋል። ቁጥሩን ምን ያህል ቢያፈጡበት ልዩነቱ አይታይም። ላኪውንና ገንዘቡን ማወቅ ግድ ነው።

ስለዚህ በየመስመሩ፣ ጥሬው ጽሑፍ A ላይ ሆኖ፣ ሦስት ዓምድ ይጨምሩ፤ B የሳንቲም መለያው፣ C የሺ መለያው፣ D ከመለያው በኋላ የሚጠበቀው የአሃዝ ብዛት። ለጀርመን ኮማ፣ ነጥብ፣ 2 ይሆናል። ለኩዌት ነጥብ፣ ኮማ፣ 3። እነዚህን ለእያንዳንዱ አቅራቢ አንድ ጊዜ ወስነው ከስሙ ጋር ቢያስቀምጡ በየኢንቮይሱ መገመት ይቀራል። የገንዘቡን ዓይነት EUR ወይም KWD ብለው በራሱ ዓምድ ይጻፉና ምልክቱን ከ A ያውጡት። ሲያወጡ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ K.D. 1.250 ላይ ፊደሎቹን ብቻ ካጠፉ ነጥቦቹ ቀርተው ቁጥሩ ላይ ይለጠፋሉ። K.D. የሚለውን ከነነጥቦቹ አንድ ላይ ያጥፉ።

ከዚያ F ላይ ክፍተቶችን ያጽዱ፣ G ላይ ወደ ቁጥር ይለውጡ፣ H ላይ ቅርጹን ይፈትሹ፦

```
F2: =SUBSTITUTE(SUBSTITUTE(SUBSTITUTE(A2," ",""),UNICHAR(160),""),UNICHAR(8239),"")
G2: =NUMBERVALUE(F2,B2,C2)
H2: =MID(F2,LEN(F2)-D2,1)=B2
```

160 እና 8239 መስመር እንዳይሰበር የሚደረጉ ልዩ ክፍተቶች ናቸው። ለዓይን ተራ ክፍተት ይመስላሉ፣ ተራውን መተካት ግን አይነካቸውም። ፈረንሳዮች ሺህን በክፍተት ስለሚለዩ ከእነሱ የሚመጣ ሰነድ ሲኖርዎ ይጠቅምዎታል።

H ለምን እንዳስፈለገ በምሳሌ ላሳይ። በጀርመን ኢንቮይስ ላይ 12 ፍሬ በ104,17 ሂሳቡ 1.250,04 ነው እንበል። ኦሲአር በብዛት የሚሳሳተው የኮማዋን ጭራ ሳያይ ቀርቶ ነጥብ ሲያደርጋት ነው፤ 1.250.04 ብሎ ይጽፋል። NUMBERVALUE ነጥብ የሺ መለያ ነው ስለተባለ ሁለቱንም ጥሎ 125004 ይሰጥዎታል። መቶ እጥፍ ሆኖ እንኳ ስህተት አያሳይም። ብዙ ሰው በዚህ ጊዜ «ብዛት ሲባዛ በነጠላ ዋጋ ሂሳቡን ይሰጣል ወይ?» ብሎ በማባዛት ይተማመናል። ነገር ግን ነጠላ ዋጋውም 104.17 ሆኖ ከተነበበ 10417 ይሆናል፤ 12 ጊዜ 10417 ደግሞ 125004 ነው። ሁለቱም ወገን እኩል ስላበጡ ብዜቱ ትክክል ይመስላል። H ግን ከኋላ ሦስተኛው ፊደል ኮማ መሆን ሲገባው ነጥብ ስላገኘ FALSE ይላል።

የኩዌቱም እንዲሁ ነው፤ 40 በ1.250 ሂሳቡ 50.000 ነው። በስህተት በጀርመን ሥርዓት ቢነበብ 40 በ1250 ሂሳቡ 50000 ይሆናልና ብዜቱ ያልፋል። የአቅራቢው ሥርዓት ካጠራጠረዎት በዚያው ሰነድ ውስጥ 0.750 ዓይነት ቁጥር ይፈልጉ። የሺ አጻጻፍ በዜሮ ስለማይጀምር ያቺ ነጥብ የፊልስ መለያ ለመሆኗ ማስረጃ ናት።

ማባዛቱን ግን አይተዉት፣ ሌላ ጥፋት ይይዛል። የ€ ምልክት አንዳንዴ 6 ተብሎ ይነበባል። €1.250,04 ያለው 61.250,04 ሆኖ ሲመጣ ቅርጹ ፍጹም ስለሆነ H ያልፈዋል፤ 12 ጊዜ 104,17 ግን 61.250,04 አይሆንም። ስለዚህ ቅርጽ መጀመሪያ፣ ብዜት ቀጥሎ፣ በመጨረሻ የመስመሮቹ ድምር ከኢንቮይሱ ጠቅላላ ጋር። ሲያባዙ የአንድ ሳንቲም ልዩነት ከማጠጋጋት ሊመጣ ይችላል፤ ከዚያ ያለፈውን ግን ይዩት። የብዛት ዓምዱን ደግሞ ለብቻው ይዩት። አንዳንድ የጀርመን ኢንቮይስ 12 ፍሬን 12,000 ብሎ ይጽፋል፤ ይህ አሥራ ሁለት ሺህ ስላልሆነ ለዚያ ዓምድ D 3 ይሁን።

ኮማው ነጥብ መሆኑ ከበዛ ወደ ስካነሩ ይመለሱ። ቢያንስ በ300 ዲፒአይ፣ በግራጫ ያንሱ። ጥቁርና ነጭ ብቻ ሲሆን ቀጭኗ ጭራ ከወረቀቱ ጋር ነጭ ሆና ትጠፋለች። ቢቻል አቅራቢው ኢንቮይሱን በቀጥታ በፒዲኤፍ ይላክልዎ፤ ጽሑፉ ውስጡ ካለ ኦሲአር አያስፈልግም።

H ላይ FALSE ወይም #VALUE! ያለበት መስመር ሲገኝ የስካኑን ምስል አጉልተው ይዩና A ላይ ያለውን ጽሑፍ ያርሙ። 1.250 ተብሎ ያለ ሳንቲም የተጻፈ ዩሮም እዚህ ይያዛል፤ ምስሉ ካረጋገጠልዎ A ላይ 1.250,00 ያድርጉት። G ላይ በእጅ ቁጥር አይጻፉ፤ ፎርሙላው ይጠፋል፣ በኋላም ቁጥሩ ከየት እንደመጣ የሚያሳይ ነገር አይኖርም።