«ታይምሺቱን በባጀቱ ልክ ሙይው» ለተባለችው እህት

«ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። ደብረ ማርቆስ አንድ ኤንጂኦ ውስጥ ፋይናንስ ኦፊሰር ነኝ፣ ሁለተኛ ዓመቴ ነው። ደሞዜ 24,000 ብር ነው፣ ከሦስት ፕሮጀክት ነው የሚወጣው፣ ከውሃው 50፣ ከሥነ ምግቡ 30፣ ከመስኖው 20 ፐርሰንት። አለቃዬ ታይምሺቱን በየወሩ በባጀቱ ልክ ሙይው ይለኛል። አሁን ደግሞ አዲስ ፕሮፖዛል ላይ 25 ፐርሰንት ብሎ አስገብቶኛል። የመስኖው ታኅሣሥ 30 ያልቃል። አባቴ ባንክ ግቢ፣ ቋሚ ሥራ ያዢ ይለኛል፣ ወንድሜን የማስተምረውም እኔ ነኝ። ልውጣ? ወይስ ማስተርስ ልጀምር?»

እህቴ፣ ከሁሉ በፊት ስለ ታይምሺቱ ላውራሽ፣ ምክንያቱም እኔም በአንቺ ዕድሜ ፍኖተ ሰላም ላይ እንደዛው ተብዬ አንድ ዓመት ሙሉ ፈርሜያለሁ። በየወሩ ለአንደኛው ፕሮጀክት 60፣ ለሌላው 40 ፐርሰንት። ኦዲተሩ መጣና ሦስት ወረቀት ጎን ለጎን አስቀመጠ፣ የእኔን ታይምሺት፣ የመኪናውን ሎግ ቡክና የአበል ቅጼን። ሎግ ቡኩ አምስት ቀን ሙሉ ደምበጫ የአንደኛው ፕሮጀክት ሥልጠና ላይ እንደነበርኩ ይላል፣ አበሉንም ከዛው ፕሮጀክት በፊርማዬ ወስጃለሁ፣ ታይምሺቴ ግን ከነዛ ቀናት ሁለቱን ለሌላው ፕሮጀክት ሰጥቷል። ከዛ በኋላ የቀሩትን ወራት አንድ ባንድ ማየት እንኳ አላስፈለገውም። ዓመቱን ሙሉ ያው ቁጥር፣ ያው እስክሪብቶ፣ ሁሉም ባንድ ቀን የተፈረመ። ደሞዜ ተቀባይነት የለውም ተባለና ድርጅቱ ከራሱ ገንዘብ መለሰው። ፊርማው የእኔ ነበር እንጂ የአለቃዬ አልነበረም።

ነገሩ ምን መሰለሽ፣ ባጀት ላይ ያለው ፐርሰንት ግምት ነው። ፕሮጀክቱ ሳይጀመር «ይህች ልጅ ከጊዜዋ ግማሹን እዚህ ታጠፋለች» ተብሎ የተጻፈ። ታይምሺቱ ደግሞ የሆነውን ነው የሚናገረው። የአሜሪካ መንግሥት ገንዘብ ከሆነ ደንብ ቁጥር 200.430 ይህን በግልጽ አስቀምጦታል፣ ባጀቱ ብቻውን ለደሞዝ ማስረጃ አይሆንም፣ በየወሩ ለጊዜው በግምቱ መመዝገብ ይቻላል ግን በኋላ በእውነተኛው ሥራ ልክ መስተካከል አለበት። ሌሎች ዶነሮችም ቃላቸው ይለያይ እንጂ የሚጠይቁት ከዚህ ብዙ አይርቅም፣ ብቻ የእያንዳንዱን ውል አንብቢ።

በአንቺው ደሞዝ ላሳይሽ። 24,000 ላይ ድርጅቱ የሚከፍለው 11 ፐርሰንት ጡረታ ሲጨመር 26,640 ይሆናል፣ የሚከፋፈለውም ይሄ ነው እንጂ ባዶ ደሞዙ አይደለም (ብዙ ሰው ጡረታውን ሙሉ በሙሉ አንዱ ፕሮጀክት ላይ ይጥለዋል፣ ስህተት ነው)። ኅዳር 22 የሥራ ቀን አለው እንበል፣ 176 ሰዓት። የውሃው ፕሮጀክት የፓምፕ ጨረታ አወጣና አብዛኛው ጊዜሽ እዛ ሄደ፣ 104 ሰዓት። ሥነ ምግብ 40፣ መስኖ 16፣ ሁለት ቀን ደግሞ የዓመት ፈቃድ ወሰድሽ፣ እሱ 16 ሰዓት ነው። ፈቃዱን ለብቻው አስቀምጪና በሠራሽው 160 ሰዓት አካፍዪ፣ 65፣ 25 እና 10 ፐርሰንት ይመጣል፣ የፈቃዱም ክፍያ በዛው ልክ ይከፋፈላል። ስለዚህ ውሃው 17,316፣ ሥነ ምግብ 6,660፣ መስኖ 2,664 ይሸከማሉ። በባጀቱ ቢሆን ውሃው የሚከፍለው 13,320 ብቻ ነበር፣ 3,996 ብር አለፈ ማለት ነው።

አለቃሽ የሚፈራው ይህን 3,996 ነው፣ አልፈርድበትም። ግን የአንድ ወር መዛባት ችግር አይደለም፣ ጨረታው ሲያልቅ ጥር ላይ ውሃው 35 ሊሆን ይችላል። የሚታየው የሦስት ወሩ ድምር ነው። ሦስት ወር ተደምሮም ውሃው ከ50 በብዙ ርቆ ከቆመ ያኔ ሁለት ነገር ነው ያለው፣ ወይ ሥራሽን መልሶ ማከፋፈል ወይ ለዶነሩ ጽፎ ባጀቱን ማስተካከል። ወደኋላ ተመልሶ ሰዓት መቀየር ግን ምርጫ ውስጥ የለም።

አሁን ወደ 25ቱ። ፕሮፖዛል ላይ መጻፉ በራሱ ጥፋት አይደለም፣ ፕሮፖዛል ላይሳካም ይችላል፣ ብዙ ድርጅት እንደዚህ ያደርጋል። ጥፋት የሚሆነው ውሉ ተፈርሞ የሚጀምርበት ወር ሲመጣ ሌላው ሳይቀነስ ሲቀር ነው፣ 125 ፐርሰንት ሰው የለምና። «ማታና ቅዳሜ እሠራለሁ» የሚለውም አያድንም፣ ምክንያቱም 100 ማለት ለዚህ ደሞዝ የሠራሽው ጊዜ በሙሉ ነው፣ ሰዓቱ ሲጨምር የምታካፍዪበትም ይጨምራል። ደግነቱ መስኖው ታኅሣሥ ላይ ያልቃል፣ 20 ይለቀቃል፣ አዲሱ ጥር ላይ ከጀመረ የሚቀረው 5 ብቻ ነው፣ እሱን ከሥነ ምግቡ መቀነስ ይቻላል፣ ዶነሩ ከተስማማና ሥራውም በእርግጥ ከቀነሰ።

አዲሱ ካልተሳካ ወይ ከዘገየስ? ከጥር እስከ ሰኔ በወር 5,328፣ በስድስት ወር 31,968 ብር ባለቤት የሌለው ወጪ ይፈጠራል፣ በጸጥታ ውሃው ላይ የሚጫነውም ያኔ ነው። ሌላም አለ፣ መስኖው ታኅሣሥ 30 ይዘጋ እንጂ የመጨረሻውን የሂሳብ ሪፖርት ጥር ላይ ቁጭ ብላ የምትሠራው አንቺ ነሽ፣ ውሉ የመዝጊያ ወጪ ካልፈቀደ የነዛ ቀናት ደሞዝ ከድርጅቱ ከራሱ ገንዘብ መውጣት አለበት። ይህን ማንም ባጀት ላይ አያስበውም።

ስለዚህ እስከ ሰኞ አንድ ገጽ ኤክሴል ሥሪ። ወደ ታች ፕሮጀክቶቹ፣ ወደ ጎን ከኅዳር እስከ ሰኔ ያሉት ወራት፣ ያልጸደቀው አዲሱ በሌላ ቀለም፣ ከሥር ድምሩ፦

```
=SUM(B2:B5)
```

ከ100 የሚያልፈውም የሚያንሰውም ወር እኩል አደጋ ነው፣ ሁለቱንም ቀይ ቀቢ። ለአለቃሽ «አልፈርምም» ብለሽ አትጀምሪ፣ ወረቀቱን አሳይውና «ጥር ላይ ይህን 20 ማን ይከፍላል?» በይው። የኅዳርን ግን በሠራሽው ልክ ሞልተሽ ስጪ። አሁንም በባጀቱ አድርጊው ካለሽ በኢሜይል እንዲጽፍልሽ ጠይቂ፣ ከጻፈም አትፈርሚ፣ ያኔ የምትወጪበት ጊዜ ነው።

አባትሽን አከብራለሁ፣ ግን ባንክ መግባት ብቻውን ዋስትና አይሆንም፣ እዛም የሥራ ውል ነው። ደግሞ ያንቺ የሥራ ውል ከድርጅቱ ጋር ነው እንጂ ከመስኖው ጋር አይደለም፣ «ፕሮጀክቱ ሲያልቅ ያበቃል» የሚል እንዳለበት አውጥተሽ እይው፣ ከሌለበት የ20ው መውደቅ የድርጅቱ ራስ ምታት ነው። የወንድምሽ ክፍያ ደግሞ ያልሠራሽውን ሰዓት ለመፈረም ምክንያት አይሆንም፣ አሥራ አምስት ዓመት ከሞላው እሱም በእረፍት ሰዓቱ ትንሽ ይሥራ፣ ለአባትሽም እንደዚሁ ንገሪያቸው።

ማስተርሱ ይቆይ። እኔ ከዛ ኦዲት በኋላ ነው ወደ ግራንት ሥራ የገባሁት፣ ያስገባኝም ዲግሪ አይደለም፣ አራት ዶነር ያለው የደሞዝ ባጀት አቅርቤ የእያንዳንዱን ወር ድምር 100 ማሳየቴ ነው። ያንቺን ገጽ ስትጨርሺ ላኪልኝ፣ የጥርን ዓምድ አብረን እናየዋለን።