«አስተካክል» ቢባል ማን ያስተካክል?

ጥያቄ፦ የጓደኛዬን መኪና መመሪያ ወደ አማርኛ እየመለስኩ ነው። የጎማ አየር ማስጠንቀቂያው ገጽ ላይ «ካሊብሬት»ን «አስተካክል»፣ ፍጥነቱን ራሱ በሚይዘው ክሩዝ ኮንትሮል ላይ ደግሞ «ኦቨራይድ»ን «ሻር» አልኩት። ያስኬዳል?

መልስ፦ ሁለቱም አያስኬዱም። የመጀመሪያው ደግሞ ጎማ ያስበላል።

«አስተካክል» የሚለውን ያነበበ ሰው፣ ቁልፉን ሲጫን መኪናው አየሩን የሚሞላለት ይመስለዋል። ቁልፍ ተጭነው ካሊብሬት የሚደረጉት መኪኖች ግን አብዛኛውን ጊዜ ጎማው ውስጥ የአየር መለኪያ የላቸውም። የሚያዩት የጎማዎቹን የመሽከርከር ፍጥነት ነው። አየር የጎደለው ጎማ ስለሚሟሽሽ ከሌሎቹ ትንሽ ፈጠን ብሎ ይዞራል። ቁልፉ ሲጫን መኪናው «ከአሁን በኋላ ልክ ማለት ይህ ነው» ብሎ ይይዛል። አራቱም ጎማዎች ጎድለው ሳለ ከተጫነ ጉድለቱን ልክ አድርጎ ይይዝና መብራቱ ዝም ይላል። ስለዚህ መጀመሪያ ጎማው ሳይሞቅ በሾፌሩ በር በኩል በተለጠፈው ልክ ይነፋል፤ ቁልፉ የሚጫነው ከዚያ በኋላ ነው።

«አማርኛ ግስ እያለን ምን አስጨነቀን?» የሚሉ አሉ። ግሱማ አለ። ግን አስተካከለ የእኩልና የትክክል ዘመድ ነው፤ የተበላሸውን ያቀናል። ካሊብሬት ሌላ ዘር አለው። ብዙዎች ከዓረብኛው ቃሊብ ያመጡታል፤ የጫማ ሰሪ ቅርጽ ማለት ነው። እሱንም ከግሪክ «የእንጨት እግር» የሚያደርሱት አሉ። ከዚያ በአውሮፓ የጠመንጃ አፈሙዝ ስፋት ስም ሆነ፤ ግሱ በእንግሊዝኛ የተወለደው ገና በ19ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ይህ ሁሉ ለመኪና መመሪያ አያስፈልግዎትም፤ እኔ ግን ማለፍ አልቻልኩም። ቅርጹ ጫማውን አይጠግንም፣ ልኩን ይይዛል። ስለዚህ እኔ «ልክ አስይዝ» እላለሁ።

ጋራዥ ገብተው «ልክ አስይዙልኝ» ቢሉ ግን «ማንን?» ብለው ይስቁብዎታል። እነሱ «ካሊብሬት እናርገው» ነው የሚሉት። ቢያንገሸግሸኝም ቃሉ ገብቷል። ካሊብሬት ብለው ይጻፉና ቅደም ተከተሉን ከጎኑ ያስቀምጡ።

«ሻር» ደግሞ የባሰ ነው። የተሻረ ሹም በማግስቱ ወንበሩ ላይ አይገኝም። ክሩዝ ኮንትሮሉን 80 ላይ ይዘው ለመቅደም ነዳጅ ቢሰጡ መኪናው 100 ይገባል፤ እግርዎን ሲያነሱ ግን ራሱ ወደ 80 ይመለሳል። ኦቨራይድ ይህ ነው። ፍሬን ሲይዙ ግን ክሩዙ ይለቃል፣ በራሱም አይመለስም። «ሻር»ን ለፍሬኑ ያቆዩት። ለኦቨራይድ አንድ ቃል አይፈልጉ፤ «ነዳጅ ሲሰጡ የእርስዎ እግር ያዛል፤ ሲለቁ ወደ ተያዘው ፍጥነት ይመለሳል» ብለው ይጻፉት።