የርዕሰ መምህሩ አንድ ገጽ፦ ስለ መገኘትና ስለ ፈተና ውጤት ሦስት ጥያቄዎች

«በኤክሴል በሠራሁት ዳሽቦርድ ላይ የሁሉም ክፍሎች የመገኘት አማካይ ከ90 በመቶ በላይ ነው። መምህራን ግን ደጋግመው ስለሚቀሩ ልጆች ያማርራሉ። የቱን ልመን?» (ርዕሰ መምህር፣ ከቱሉ ዲምቱ)

ሁለቱንም ይመኑ። 60 ተማሪዎች ያሉትን 7ኛ ክፍል እንውሰድ። ወሩ 20 የትምህርት ቀናት ካሉት 1,200 የመገኘት ምልክቶች ይጠበቃሉ፤ ከእነዚህ 60ው «ቀሪ» ከሆኑ መገኘቱ 95 በመቶ ነው። ይሁን እንጂ እያንዳንዱ ተማሪ አንድ አንድ ቀን ቢቀርም፣ ስድስት ልጆች ብቻ አሥር አሥር ቀን ቢቀሩም ውጤቱ ያው 95 ነው። የመጀመሪያው ብዙም አያሳስብም፤ በሁለተኛው ግን ስድስት ልጆች የወሩን ግማሽ ትምህርት አጥተዋል። ስለዚህ ከአማካዩ ጎን፣ እንዲያውም ከእርሱ በጎላ ፊደል፣ ካለፉት የትምህርት ቀናት 10 በመቶና ከዚያ በላይ የቀሩትን ተማሪዎች ብዛት ያስቀምጡ። በዓምድ A የክፍል ደረጃው፣ በዓምድ D እያንዳንዱ ተማሪ የቀረባቸው ቀናት ድምር፣ በሕዋስ H1 ደግሞ የቀናቱ 10 በመቶ (በምሳሌያችን 2) ካለ ቀመሩ ይህ ነው፦

```
=COUNTIFS(A:A,7,D:D,">="&H1)
```

በመጀመሪያው ሁኔታ 0፣ በሁለተኛው 6 ይሰጥዎታል። የስድስቱን ስም ዝርዝር ለክፍል ኃላፊው መምህር ይስጡ እንጂ ሌላ ሰው በሚያየው ገጽ ላይ አያውጡት።

«የቤት ኪራይ ሲጨምር ሰፈር የሚቀይሩ ቤተሰቦች ብዙ ናቸው። ልጁ ሲዘዋወር ስሙን ከዝርዝሩ ልሰርዝ?» (የሪከርድ ሠራተኛ፣ ከኮዬ ፈጬ)

አይሰርዙ። ስሙ ሲጠፋ የቀረባቸው ቀናትም አብረው ስለሚጠፉ፣ ያለፈው ወር መገኘት ሳይሻሻል የተሻሻለ ይመስላል። የገባበትንና የለቀቀበትን ቀን የሚይዙ ሁለት ዓምዶች ጨምረው፣ መገኘቱን በእነዚያ ቀናት መካከል ብቻ ያስሉለት።

«የ8ኛ ክፍል የሒሳብ አማካይ በአንድ ሴሚስተር ከ60 ወደ 53 ወረደ። መምህሩ ጥያቄው አልከበደም ይላል።» (ምክትል ርዕሰ መምህር፣ ከየካ አባዶ)

ክፍሉን ከመውቀስዎ በፊት የውጤቱን ዓምድ ከፍተው ዜሮዎቹን ይቁጠሩ። ከ50 ተማሪዎች ስድስቱ ለፈተና ሳይቀርቡ ቀርተው 0 ተሞልቶላቸው ከሆነ፣ የተፈተኑት 44ቱ በአማካይ 60 ቢያመጡም የክፍሉ አማካይ 52.8 ይሆናል፤ መውረዱም የመጣው ከትምህርቱ ሳይሆን ከአሞላሉ ነው። ላልተፈተነ ተማሪ ሕዋሱን ባዶ ይተዉት ወይም «አልተፈተነም» ብለው በፊደል ይጻፉበት፤ AVERAGEIFS ሁለቱንም ይዘላቸዋል። ነገር ግን 60 ብቻውን ቢታይ ደግሞ ያልተፈተኑት ስድስቱ ይሰወራሉና፣ በገጹ ላይ «60 (ከ50ው 44 ተፈትነዋል)» ተብሎ ይጻፍ። ተፈትኖ በእርግጥ ዜሮ ያመጣ ተማሪ ካለ የእርሱ 0 እንዳለ ይቆይ፤ የትኛው የትኛው እንደሆነ የሚያውቀው ያረመው መምህር ስለሆነ፣ ሮስተሩ ሳይዘጋ ከእርሱ ጋር አንድ በአንድ ማመሳከር ያስፈልጋል።